ሴሮቶኒን ሲንድረም ወይስ ኤን ኤም ኤስ? ለኢንተርኖች የሠራሁትን ሰንጠረዥ እስኪ እዩልኝ

ተረኛው · ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ሐሙስ ጠዋት ለኢንተርኖችና ለነርሶች አጭር ትምህርት አለብኝ። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ሠርቼ ከአልጋዎቹ በላይ ልለጥፈው አስቤያለሁ። ከመለጠፉ በፊት እናንተ እዩልኝ።

ያነሳሳችኝ አንዲት ታካሚ ናት። 34 ዓመቷ ነው። ለድብርት በቀን 20 ሚሊ ግራም ፍሉኦክሰቲን ስትወስድ ወራት ሆኗታል። ክንዷን ወድቃ ተመታችና ጠዋት ትራማዶል ገዝታ 100 ሚሊ ግራም ዋጠች። ምሳ ሰዓት ላይ ደገመች። ከሰዓት በኋላ አስመለሳት። ሰፈሯ ያለ ክሊኒክ ሄዳ ፕላሲል ተወጋች። ማታ እኛ ጋ ስትደርስ ሙቀቷ 38.6፣ የልብ ምቷ 132፣ ግፊቷ 160/95 ነው። በላብ ተነክራለች። አልጋ ላይ አልቀመጥ ብላ ትቁነጠነጣለች። ኢንተርኑ «ፕላሲል አለ፣ ትኩሳት አለ፣ ስለዚህ ኤን ኤም ኤስ» ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈ። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፕላሲል ዶፓሚንን ይዘጋል።

ሰንጠረዡ ይኸውላችሁ፦

| | ሴሮቶኒን ሲንድረም | ኤን ኤም ኤስ |
|---|---|---|
| መድኃኒት | ፍሉኦክሰቲን፣ ትራማዶል፣ ሌሎች | ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፕላሲል፣ ሌሎች |
| አጀማመር | ፈጣን | ዘገምተኛ |
| ትኩሳት | አለ | አለ፣ ከፍ ይላል |
| ላብ | አለ | አለ |
| የልብ ምትና ግፊት | ይጨምራል | ይጨምራል፣ ይዋዥቃል |
| አእምሮ | የተረበሸ | የተረበሸ |
| ጡንቻ | የገተረ | በጣም የገተረ |
| ሪፍሌክስ | ጨምሯል | ቀንሷል |
| ሲኬ | ሊጨምር ይችላል | ጨምሯል |

ችግሩ ይቺን ታካሚ በራሴ ሰንጠረዥ ስፈትናት ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ይለኛል።

---

ጂፒ ከወሎ · ሰኞ ማታ 3፡48

ወንድሜ፣ አታስረዝመው። ሲኬ ላክ። ከ1000 ከበለጠ ኤን ኤም ኤስ ነው። ካልበለጠ ሴሮቶኒን ነው። ሙቀቱ ከ40 ካለፈም ኤን ኤም ኤስ ነው። እኔ በዚህ ነው የምሠራው። ዘጠኝ ረድፍ በሌሊት ማን ያነባል?

---

ታናሽ ወንድም · ሰኞ ማታ 4፡05

ይቅርታ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስፈልግ ነው እዚህ የደረስኩት። እናቴ ፍሉኦክሰቲን ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆናት። ቡና ስትቀዳ እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ሰንጠረዥ ላይ ያለው በሽታ ነው ማለት ነው? ዛሬውኑ ላስቁማት?

---

ሲስተር ማታ · ሰኞ ማታ 4:17

ታናሽ ወንድም፣ አይዞህ። ይሄ ሰንጠረዥ ለእናትህ የተሠራ አይደለም። እነዚህን መድኃኒቶች ሲጀምሩ ቀለል ያለ የእጅ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በራስህ አታስቁማት። ሐኪሟ ጋ ደውልና ንገረው። ግን አንድ ነገር ጠይቃት። በቅርቡ ለሕመም ወይም ለጉንፋን ሌላ መድኃኒት ጨምራለች? ላብ ላብ ካላት፣ ሰውነቷ ከጋለ፣ ከተቁነጠነጠች፣ እግሯ በራሱ ከዘለለ ግን ጠዋትን አትጠብቅ። የምትውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዘህ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

ተረኛው፣ አንተ ደግሞ «ፌስታሉን አምጡ» የሚል ረድፍ ጨምር። ቤተሰብ «ምንም አትወስድም» ይላል። ትራስ ስር ሦስት ዓይነት ይገኛል።

---

ዶክተር መዶሻ · ሰኞ ማታ 4፡40

ተረኛው፣ ሥራህ ጥሩ ነው፤ ግን ሰንጠረዥህ ግማሹ አይለይም። ትኩሳት፣ ላብ፣ የልብ ምት፣ አእምሮ የሚሉትን ተመልከታቸው። በሁለቱም በኩል «አለ፣ አለ» ነው የሚሉት። ሁለት ጎኑ አንድ መልስ ያለው ረድፍ ለማስተማር ሊጠቅም ይችላል፤ ለመለየት ግን ቦታ ከመያዝ ውጪ ሥራ የለውም። እነዚህ «ታካሚው በጽኑ ታሟል» ነው የሚሉህ። ያንን ደግሞ በሩ ላይ ሳለ አይተኸዋል።

«ጡንቻ» የሚለው ረድፍህ ደግሞ ዋናውን ነገር ደብቆታል። «የገተረ» እና «በጣም የገተረ» ብለህ ለኢንተርን ብትሰጠው ምን ያደርግበታል? መለኪያው የት አለ?

አሁን ወደ ታካሚዋ። ስለ ሲኬም ስለ ሙቀትም ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። እግሯ ምን አለ?

---

ተረኛው · ሰኞ ማታ 4፡58

ዶክተር፣ እርስዎ እንደሚጠይቁ ገምቼ ነበር። ጉልበቷን በመዶሻ ስነካው እግሯ ብድግ አለ። አንዱን ስመታ ሌላኛውም አብሮ ተንቀሳቀሰ። ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ ገፍቼ ስይዘው ሰባት ስምንት ጊዜ ረገጠ። በሁለቱም እግር። እጇ ላይ ግን ሪፍሌክሱ ትንሽ ብቻ ነው የጨመረው። ክርኗን ሳጣጥፈው ልል ነው ማለት ይቻላል። የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል። ሆዷ ይጮሃል፤ ከመምጣቷ በፊት ሁለቴ ተቅማጥ ወጥቷታል። ሲኬ 640።

---

ዶክተር መዶሻ · ሰኞ ማታ 5፡15

እንግዲህ አለቀ። ይቺ ሴት ሴሮቶኒን ናት። ሴሮቶኒን የሚጨምር መድኃኒት ከወሰደ ሰው ላይ ተቀስቅሶ የሚመጣ ክሎነስና ላብ ወይም መቁነጥነጥ ካገኘህ የሃንተር መስፈርትን አሟልቷል። መስፈርቱን በ2003 ያወጡት አውስትራሊያ ያሉ የመርዝ ሐኪሞች ናቸው። ክሎነሱ ማንም ሳይነካው በራሱ ከመጣ ደግሞ ብቻውን ይበቃል። መንቀጥቀጥ ከጨመረ ሪፍሌክስ ጋር ሲሆንም ያሟላል። ልብ በል፣ በነዚህ ውስጥ ላቦራቶሪ የለም።

ጊዜውም ይመሰክራል። ጠዋት ትራማዶል፣ ማታ ሕመም። ሴሮቶኒን አዲስ መድኃኒት ከተጨመረ ወይም መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ በሰዓታት ይመጣል። አብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ብዙውም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት። ኤን ኤም ኤስ በቀናት ነው የሚመጣው። ከሰዓት ተወግታ ማታ ሙሉ ኤን ኤም ኤስ ሆና መምጣቷ ፈጽሞ አይሆንም ባልልም የምጠብቀው አይደለም።

ለኢንተርኖቹ ክሎነስን በቃል አታስተምር። አልጋው ላይ አሳያቸው። ታካሚው በጀርባው ይተኛ። በአንድ እጅህ ከጉልበቱ ሥር ደግፈህ ትንሽ አጠፍ አድርገው። እግሩ እስኪላላ ጠብቅ። ከዚያ በሌላው እጅህ መዳፉን በፍጥነት ወደ ላይ ግፋና እዚያው ያዘው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ገፍቶ ይለቃል። ካልያዝከው አይረግጥም። አንድ ሁለት ምት ጤነኛ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲቀጥል ግን ቁጠር።

ቀጥሎ ዓይኑን እይ። ጣትህን እንዲከተል አድርገው። የዓይን ክሎነስ ካለ ዓይኑ በጣም ፈጥኖ ወዲያ ወዲህ ይላል። ተረጋግተህ ካላየህ ያመልጥሃል።

---

ጂፒ ከወሎ · ሰኞ ማታ 5፡31

ዶክተር፣ አከብርዎታለሁ፤ ሲኬን ግን እንዲህ አይጣሉት። ባለፈው ዓመት ያየሁት ሰው በትክክል ሲኬ ነው ያወጣው። ሃሎፔሪዶል ከጀመረ ሳምንት የሆነው ወጣት ነበር። ዝም ብሏል። ዓይኑ ክፍት ነው፣ አይናገርም። ክርኑን ለማጠፍ ስንሞክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይታገለናል። ሙቀቱ 39.4። መጀመሪያ ማጅራት ገትር ተብሎ ነው የተላከው፣ አንገቱ ደርቋል ተብሎ። ሲኬ 14,000 ሲመጣ ነው ሁላችንም የባነንነው።

---

ዶክተር መዶሻ · ሰኞ ማታ 5፡50

ጂፒ፣ ታሪክህ ግሩም ነው፤ ማስረጃህ ግን ከሲኬው በፊት እጅህ ላይ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሚታገል ክርን ሌድ ፓይፕ ነው። ዝም ያለ ሰው፣ አንድ ሳምንት የሆነው ሃሎፔሪዶል፣ ትኩሳት። አንገቱ የደረቀውም መላ ሰውነቱ ስለደረቀ ነው። ማጅራት ገትር ያለበት ሰው አንገቱ ወደፊት አልታጠፍ ይላል፤ የዚህ ግን ወደ ጎን ስታዞረውም አይዞርም፣ ክርኑም ጉልበቱም እንደዚያው ነው። የወገብ ውሃ መውሰዳችሁ ግን ትክክል ነው። ወባም ታይቶ መሆን አለበት። ሰንጠረዡ እነዚያን አይተካም።

14,000 ሲሆን አብሬህ ነኝ። አንድ ሺህ ላይ መስመር ማስመር ግን ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ኤን ኤም ኤስ ገና ሲጀምር ሲኬው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የታሰረ፣ የታገለ፣ ጡንቻው ላይ መርፌ የተወጋ ሰው ኤን ኤም ኤስ ሳይኖርበት ይጨምርበታል። ከባድ ሴሮቶኒንም ጡንቻ ይፈጫል። ሲኬ ኩላሊቱን ለመጠበቅ ይጠቅምሃል፤ ፈሳሽ ስንት እንደምትሰጥ ይነግርሃል። ለመለየት ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው።

40 ዲግሪም እንዲሁ። የሚገድለው ሴሮቶኒን ከ41 በላይ የሚወጣው ነው። «40 አለፈ፣ ኤን ኤም ኤስ ነው» የሚል ኢንተርን በጣም የታመመውን የሴሮቶኒን ታካሚ ነው የሚስተው።

---

ጂፒ ከወሎ · ሰኞ ማታ 6፡02

ስለ 40ው ተቀብያለሁ። ሲኬ ግን ሰንጠረዡ ላይ ይቆይ ባይ ነኝ። ዝም ያለና የደረቀ ሰው ሁሉ መዶሻ ይዞ በሚመጣ ሐኪም አይታይም።

---

ነርስ ከሜሪላንድ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡10

እዚህ አሜሪካ ስንማር የሊቢ ዚዮንን ጉዳይ ሳያነሱ አያልፉም። 18 ዓመቷ ነበር። በመጋቢት 1984 በፈረንጆቹ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ትኩሳትና መቁነጥነጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ለድብርት ፌኔልዚን ትወስድ ነበር። እዚያ ፔቲዲን ተሰጣት። ሌሊት ስትረበሽ ታሰረች፣ ሃሎፔሪዶልም ተሰጣት። ንጋት ላይ ሙቀቷ 42 አካባቢ ደርሶ ሞተች። የሐኪሞች የሥራ ሰዓት ሕግ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው የሚያስታውሰውም እሱን ነው። ለዚህ ሰንጠረዥ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የተረበሸውን ሰው ማሰርና ሃሎፔሪዶል መስጠት እስከዛሬ ድረስ እጃችን ቶሎ የሚሄድበት ነገር ነው። የሞቷ ምክንያት ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል፤ ስለዚህ «እንዲህ ስለሆነ ሞተች» ብላችሁ እንዳታስተምሩ።

---

ሲስተር ማታ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡45

ስለማሰር ስላነሳሽ ደስ አለኝ፣ እህቴ። የታሰረ ሰው ገመዱን ይታገላል። በታገለ ቁጥር ይግላል። እኛ ፓራሲታሞል እንሰጠዋለን፣ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ተረኛው፣ ይሄን ለነርሶች ንገርልኝ። ይህ ትኩሳት ከጡንቻው ነው የሚመጣው፤ ፓራሲታሞል አያወርደውም። ጡንቻውን ማላላትና ውሃ እየረጩ ማራገብ ነው።

እግሩ የታሰረን ሰው ክሎነሱን እንዴት ፈትሻለሁ ለሚል ደግሞ፣ አንዱን እግር ፍቱልኝ ብዬ ነው የምፈትሸው። ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

---

ዶክተር መዶሻ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

ሲስተር ያሉት የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያው ሰዓት ሕክምና ለሁለቱም አንድ ነው። የጠረጠርከውን መድኃኒት አቁም። ዳያዜፓም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ቀስ ብለህ፣ ትንፋሹን እያየህ፣ ካስፈለገ እየደጋገምክ። ፈሳሽ። ማቀዝቀዝ። ሙቀቱ 41 ካለፈ ወይም ደረቱ ደርቆ መተንፈስ ካቃተው ማስተኛት፣ ጡንቻውን ማፍዘዝና መተንፈሻ ቱቦ ማስገባት። ሱክሳሜቶኒየም ግን አይሆንም። ጡንቻው ተፈጭቶ ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ልቡን ታቆመዋለህ። ቬኩሮኒየም ካለህ እሱን ተጠቀም።

እና ለምን እንለያቸዋለን? ለሁለተኛው ሰዓት ነው። ሴሮቶኒን ከሆነ ሳይፕሮሄፕታዲን፤ መጀመሪያ 12 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ምልክቱ እስኪቀንስ በየሁለት ሰዓቱ 2። ኤን ኤም ኤስ ከሆነ ብሮሞክሪፕቲን 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ብሮሞክሪፕቲንን ለሴሮቶኒን ታካሚ ከሰጠህ ልታባብሰው ትችላለህ። ሃሎፔሪዶልን ለኤን ኤም ኤስ ታካሚ ከሰጠህ በሽታውን ያመጣበትን ጨመርክበት። አጉል መድኃኒት የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሰንጠረዡም የሚያስፈልገው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ታካሚህ ለመሆኑ እንዴት ሆነች?

---

ተረኛው · ማክሰኞ ጠዋት 4፡20

ዳያዜፓም 10 ሰጠናት፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ 5 ደገምን። ሁለት ሊትር ፈሳሽ ወሰደች። ሳይፕሮሄፕታዲን ወንድሟ ከውጭ ገዝቶ እስኪመጣ ረጋ ብላ ነበር፤ ቢሆንም ሰጠናት። በማግስቱ ማታ ሙቀቷ 37.2፣ ክሎነሷ ሁለት ምት ብቻ። በሦስተኛው ቀን ወጣች። ትራማዶልና ፍሉኦክሰቲን አብረው እንዳይታዘዙላት ካርዷ ላይ በቀይ ጽፈንላታል።

---

ፋርማሲ ጥግ · ማክሰኞ ከሰዓት 8፡30

ሳይፕሮሄፕታዲን እኮ እኛ ዘንድ በብዛት የሚጠየቀው ለምግብ ፍላጎትና ለመወፈር ነው። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በመርፌ መልክ የለም። መዋጥ ለማይችል ፈጭታችሁ በአፍንጫ ቱቦ ነው።

ስለ ጊዜው ረድፍ ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ዛሬ ምን ዋጥክ?» ብላችሁ አትቁሙ። ፍሉኦክሰቲን ካቆሙት በኋላም ሰውነት ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ አምስት ሳምንት ጠብቁ የሚባለው ለዚህ ነው። «ከሁለት ሳምንት በፊት አቁሜያለሁ» ያለ ሰው ላይ ትራማዶል ከጨመራችሁ ፍሉኦክሰቲን እንዳለበት ቁጠሩት። በሌላው ጎን ደግሞ በወር አንዴ የሚወጋው ፍሉፌናዚን አለ። ያ ሰው በአፉ ምንም አይውጥም፤ ቤተሰቡም «መድኃኒት የለውም» ይላል። ኤን ኤም ኤስ ከመጣበት ደግሞ መርፌውን ማውጣት ስለማይቻል በአፍ ከሚወሰደው በጣም ረዝሞ ነው የሚቆየው።

ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበትን ሰው አትርሱ። ሊኔዞሊድ ይወስዳል። አንቲባዮቲክ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም፤ ግን ሴሮቶኒን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያግዳል። ድብርት ስላለበት ፍሉኦክሰቲን ሲታዘዝለት እኔ መስኮቱ ላይ ነው የማየው። ደውዬ እጠይቃለሁ።

---

ተረኛው · ማክሰኞ ማታ 2፡15

እሺ፣ ቆራርጬዋለሁ። የረድፎቹ ቅደም ተከተል ሐኪሙ አልጋው አጠገብ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ነው። የመድኃኒት ዝርዝሩን አወጣሁት፤ የኔዋ ታካሚ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ነበረችና።

| ይህን አድርግ | ሴሮቶኒን | ኤን ኤም ኤስ |
|---|---|---|
| እግሩን ግፋና ያዝ፤ ጉልበቱን ምታ | ይረግጣል፣ ይዘላል፤ ከእጅ እግር ይብሳል | አይረግጥም፤ ሪፍሌክሱ እንደወትሮው ወይም የቀነሰ |
| ክርኑን ቀስ ብለህ እጠፍ | ልል ወይም መጠነኛ | ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይታገላል |
| ምን ተጨመረ? መቼ? | ሰዓታት | ቀናት፣ እስከ ሁለት ሳምንት |
| ሆዱን አዳምጥ | ይጮሃል፤ ተቅማጥ | እንደወትሮው ወይም ዝም ያለ |
| ተመልከተው | ይቁነጠነጣል፤ ብሌኑ ሰፊ | ዝም፣ ዝግ ያለ፤ ብሌኑ ደህና |

ግርጌው፦ «ሁለቱንም፦ መድኃኒቱን አቁም፣ ዳያዜፓም፣ ፈሳሽ፣ አቀዝቅዝ፣ አትሰር። ሃሎፔሪዶል አትስጥ።»

ሲኬን ለጂፒ ስል ከግርጌው በታች አድርጌዋለሁ፦ «ለኩላሊት ላክ፤ ከብዙ ሺህ በላይ ከሆነ ኤን ኤም ኤስን እንደገና አስብ።»

---

ዶክተር መዶሻ · ማክሰኞ ማታ 2፡50

አሁን ሰው ሊሠራበት ይችላል። አንድ ነገር ይቀርሃል፤ ሰንጠረዡ የት እንደሚሰበር አልጻፍክም። ከባድ ሴሮቶኒን ላይ እግሩ በጣም ይገትራል፤ ያኔ ብትገፋውም አይረግጥም። ክሎነሱ አልጠፋም፣ ግትርነቱ ሸፍኖታል። ኢንተርኑ ሰንጠረዥህን አይቶ «አይረግጥም፣ ኤን ኤም ኤስ» ይልና ብሮሞክሪፕቲን ይጽፋል። ስለዚህ «እግሩ ከደረቀ የመጀመሪያውን ረድፍ አትመን፣ ጊዜውን እመን» ብለህ ከላይ ጻፍ። ዳያዜፓም ከወሰደና ትንሽ ከላላ በኋላ እንደገና ፈትሽ። አንዳንዴ ያኔ ነው የሚረግጠው።

ሌላው አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ የዋጠ ሰው ነው። እሱም ይቁነጠነጣል፣ ይግላል፣ ብሌኑ ይሰፋል። ብብቱን ዳስስ። ደረቅ ከሆነ፣ ሆዱም ዝም ካለ፣ ከሁለቱም ዓምድ አይደለም። ኢሲጂ አንሳለት።

---

ነርስ ከሜሪላንድ · ማክሰኞ ማታ 4፡30

ጥያቄ አለኝ። ፍሉኦክሰቲንም ሃሎፔሪዶልም አብሮ የሚወስድ ሰውስ? እዚህ ከማያቸው ብዙዎቹ ሁለቱንም ይወስዳሉ። ለአራት ቀን ቀስ ብሎ የመጣ፣ ግትር፣ ግን እግሩ ላይ ትንሽ ክሎነስ ያለው አይቻለሁ። አንዱ ሐኪም ሴሮቶኒን አለ፣ ሌላው ኤን ኤም ኤስ። ሁለቱንም መድኃኒት አቁመው በቤንዞ ብቻ ያዙት። ዳነ፤ ምን እንደነበረ ግን እስከዛሬ አልተስማሙም።

---

ዶክተር መዶሻ · ማክሰኞ ማታ 4፡55

እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ካልለየህ ሁለቱንም አቁም፣ ቤንዞ ስጥ፣ ብሮሞክሪፕቲኑን አቆይ። የሴሮቶኒኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን መሻል ይጀምራል። የኤን ኤም ኤሱ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። መለየቱ አንዳንዴ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው።

---

ጂፒ ከወሎ · ማክሰኞ ማታ 5፡10

አንድ የመጨረሻ ክርክር። ሳይፕሮሄፕታዲን በሌለበት፣ መዋጥም በማይቻልበት ቦታ፣ ክሎርፕሮማዚን በመርፌ ለሴሮቶኒን ይሰጣል። ሴሮቶኒንን ይዘጋል። የወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ያለችው መርፌ ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ለምን ሰንጠረዡ ላይ አይገባም?

---

ዶክተር መዶሻ · ማክሰኞ ማታ 5፡22

ፋርማኮሎጂው ልክ ነው፤ የሚሰጡም ሐኪሞች አሉ። ግድግዳ ላይ ግን አልለጥፈውም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተሳሳተ ምርመራ ይኖራል። ኤን ኤም ኤስ ሆኖ ክሎርፕሮማዚን ከወጋኸው ያመመውን መድኃኒት ደገምክለት። ግፊቱንም ይጥላል። ቤንዞውን ጨምር፣ ቱቦ አስገባ፣ ወይም ወደሚችል ቦታ ላክ።

---

ጂፒ ከወሎ · ማክሰኞ ማታ 5፡40

«ላክ» ማለት ከእርስዎ ቦታ ቀላል ነው፣ ዶክተር። እኛ ጋ አምቡላንሱ ከተገኘ አራት ሰዓት ነው መንገዱ። ምርመራው በክሎነስ የተረጋገጠ፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ታካሚ ከሆነ እኔ እወጋለሁ።

---

ሲስተር ማታ · ማክሰኞ ማታ 5፡48

ሁለታችሁም ስትጨርሱ፣ ተረኛው፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገው። ያለመነጽር ከአልጋው ራስጌ ሆኜ ማንበብ አለብኝ። ከጎኑ ደግሞ መዶሻ በክር እሰርልን። ያለችው አንዲት መዶሻ ሁሌ ሜዲካል ዋርድ ናት።

---

ተረኛው · ማክሰኞ ማታ 6፡05

መዶሻው ይታሰራል። የክሎርፕሮማዚኑን ነገር ሰንጠረዡ ላይ አላስገባም፤ ሐሙስ ግን እንደ ክርክር አቀርበዋለሁ። ጂፒ፣ ያንን የሃሎፔሪዶል ወጣት ታሪክ ስም ሳልጠቅስ ልጠቀምበት? ከኔዋ ታካሚ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ሰንጠረዡን ራሳቸው እንዲሞሉት ነው የማስበው።

---

ጂፒ ከወሎ · ማክሰኞ ማታ 6፡11

ተጠቀም። ሲኬውን ግን መጨረሻ ላይ ንገራቸው፤ መጀመሪያ ክርኑን እንዲገምቱት። (ዶክተር፣ ይቺን ለእርስዎ ስል ነው።)